የምረቃ መጽሔት ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፦ ስለ መጨረሻ እርማት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምረቃ መጽሔት ኮሚቴ ውስጥ የገባ ሰው ፋይሉ ሊላክ ሲል የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ምሳሌዎቹ ባለ 48 ገጽ፣ ኤ4 መጠን ያለው መጽሔትን ይዘው የሚሄዱ ናቸው።

የመጨረሻ እርማት ምንድን ነው? አርታዒው አንብቦት የለም እንዴ?

አርታዒው ያነበበው ጽሑፉን ነው። የመጨረሻ እርማት የሚሠራው ግን ዲዛይነሩ ገጾቹን ከጨረሰ በኋላ፣ ለማተሚያ ቤት በሚላከው ፒዲኤፍ ላይ ነው። በእነዚህ ሁለት ደረጃዎች መካከል ብዙ ነገር ይሆናል። ጽሑፉ ከወርድ ወደ ዲዛይን ፋይል ይገለበጣል። ርዕሶች በእጅ እንደገና ይጻፋሉ። ፎቶዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይቀያየራሉ። አንድ አንቀጽ ከሳጥኑ ተርፎ መጨረሻው ሳይታይ ይቀራል። አርታዒው ያላያቸው ስህተቶች የሚፈጠሩት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ደረጃ ዓረፍተ ነገር ማሳመር የለም። «ይህ አንቀጽ ቢሻሻል» የሚል ሰው ካለ ጊዜው አልፎበታል። የሚታየው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ቀኖቹ ልክ ናቸው ወይ፣ ፎቶዎቹ በየቦታቸው አሉ ወይ፣ ስሞችና ፊደሎች ተስተካክለዋል ወይ።

ስክሪን ላይ ባነበው አይበቃም?

አይበቃም። ስክሪን ላይ ገጹን እያሳደግን ስለምናይ የምናየው ቁራጭ ነው። ባዶ የቀረ የፎቶ ቦታ፣ ሁለት ጊዜ የገባ ርዕስ፣ ከገጹ ጫፍ የተጠጋ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ቶሎ ይታያል። በቀለም ማተም የግድ አይደለም። ቢሮ ባለው ፕሪንተር ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ሳይቀነስ በሙሉ መጠኑ ይታተም። ወረቀቶቹን እንደ መጽሔቱ ፊትና ጀርባ አድርጋችሁ በጎናቸው ብትሰፏቸው ደግሞ የገጽ ቅደም ተከተሉንም አብራችሁ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ግን ከስክሪን ውጭ አይሠራም፤ ፍለጋ። አንድ የተሳሳተ ዓመት 48 ገጽ ውስጥ የት የት እንዳለ ዓይን ሊያመልጠው ይችላል፣ ፍለጋ ግን አያመልጠውም። ስለዚህ ወረቀቱም ፒዲኤፉም ጎን ለጎን ይኑሩ።

ከየት ልጀምር? ከገጽ 1 እስከ 48 ዝም ብዬ ላንብብ?

ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጀምራል፣ ገጽ 15 ላይ ሲደርስም ይደክመዋል። የሚሻለው ሦስት ዙር ማድረግ ነው። በመጀመሪያው ዙር ጽሑፉን ሳታነቡ ቀንና ቁጥር ብቻ ፈልጉ። በሁለተኛው ዙር ፎቶና የፎቶ መግለጫ ብቻ ተመልከቱ። በሦስተኛው ዙር ፊደልና ስም። ዓይን አንድ ነገር ብቻ ሲፈልግ በደንብ ያያል፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሲፈልግ ታሪኩን መከተል ይጀምራል፣ ታሪኩን ሲከተል ደግሞ የጎደለውን በሐሳቡ ይሞላል።

ትልልቅ ጽሑፎችን አትዝለሉ። የሽፋን ርዕስ፣ የክፍል ርዕስ፣ የፕሬዚዳንቱ ስም ከመልእክታቸው ሥር። እነዚህ ጎልተው ስለሚታዩ ሁሉም ሰው «ሌላው አይቶታል» ብሎ ያልፋቸዋል።

የምረቃው ቀን ተቀይሯል። ሁሉም ቦታ መቀየሩን እንዴት አውቃለሁ?

በምሳሌ እንየው። ምረቃው መጀመሪያ ቅዳሜ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር እንበል። በኋላ በአንድ ሳምንት ተገፍቶ ሐምሌ 5 ሆነ። ዲዛይነሩ ሽፋኑንና የፕሮግራሙን ገጽ አስተካከለ። ሆኖም የድሮው ቀን በሌሎች ቦታዎች ሊቀር ይችላል፤ በፕሬዚዳንቱ መልእክት መጨረሻ፣ በኮሚቴው ምስጋና፣ በገጾቹ ግርጌ፣ ድርጅቶች በሰጡት «እንኳን ደስ አላችሁ» ማስታወቂያ እና በጀርባ ሽፋን ላይ። ከሁሉም የሚያሳስተው ሁለቱም ቀኖች ቅዳሜ መሆናቸው ነው። «ቀኑ ቅዳሜ ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራ ሰው ስህተቱን አያገኘውም።

መፍትሔው ሙሉውን ቀን ሳይሆን ቁርጥራጩን መፈለግ ነው። ፒዲኤፉ ላይ መጀመሪያ «ሰኔ» ብላችሁ ፈልጉ፣ የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። ከዚያ «28/10» ፈልጉ፤ ሰኔ አሥረኛ ወር ስለሆነ ቀኑ በቁጥር ተጽፎ ሊሆን ይችላል። (በነገራችን ላይ 28/10/2017 የሚለውን ውጭ አገር ያለ ዘመድ የፈረንጆች ኦክቶበር አድርጎ ያነበዋል፤ መጽሔት ላይ ወሩን በስሙ መጻፍ ይሻላል።) ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን ገጽ በ`July 5` ፈልጉ፤ የድሮው ቀን ሰኔ 28 በፈረንጆች ጁላይ 5 ነውና። በመጨረሻም «የፊታችን» እና «በቀጣዩ ሳምንት» የሚሉ አባባሎችን ፈልጉ፤ ቀን ሳይጠሩ ቀን የሚናገሩ ናቸውና።

ፍለጋ የማያገኘው አንድ ነገር አለ፤ ምስል ውስጥ የተጻፈ ቀን። ሽፋኑ በፎቶሾፕ ከተሠራ ወይም ማስታወቂያው ጄፔግ ሆኖ ከመጣ፣ እዚያ ላይ ያለው ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ፎቶ እንጂ ፊደል አይደለም። ፍለጋው «አልተገኘም» ቢልም ቀኑ እዚያው ተቀምጧል። ስለዚህ ሽፋኖቹንና ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ በዓይን ማየት የግድ ነው። የማስታወቂያው ፋይል የድርጅቱ ስለሆነ አስተካክሎ የሚልከውም ድርጅቱ ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳልና መጀመሪያ የሚታዩት እነሱ ይሁኑ።

የኢትዮጵያንና የፈረንጅን ቀን አመሳክሬ የማጣራበት ቀላል መንገድ አለ?

አለ። የወሩን መነሻ ቀን ያዙ። ሰኔ 1 የፈረንጆች ጁን 8 ነው፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7። ስለዚህ ሐምሌ 5 ከጁላይ 8 አራት ቀን ይቆጠርና ጁላይ 12 ይሆናል። ዕለቱን ለማጣራት ደግሞ ከጳጉሜን በቀር እያንዳንዱ ወራችን 30 ቀን መሆኑ ይጠቅማል። ያው ቀን በሚቀጥለው ወር በሳምንቱ ሁለት ዕለት ወደፊት ይሄዳል። ሐምሌ 5 ቅዳሜ ከሆነ ነሐሴ 5 ሰኞ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «እሑድ ነሐሴ 5» የሚል ካያችሁ ወይ ዕለቱ ወይ ቀኑ ተሳስቷል ማለት ነው።

ዓመቱ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገቡበት ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ 8 ይሆናል። የሐምሌ 2017 ምረቃ በፈረንጆች 2025 ነው። «2017 ሲደመር 7» ብሎ 2024 የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፣ በተለይ የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ።

ለጥንቃቄ አንድ ነገር ልጨምር። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። ከእሷ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 እንዲህ ነበር። በዚያ ዓመት እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ይገፋል። ገናም ታኅሣሥ 28 የተከበረው ለዚህ ነው። መጽሔቱ ዓመቱን በሙሉ የተደረጉ ዝግጅቶችን የሚዘግብ ከሆነ፣ የዚያን ዓመት የመጀመሪያ ስድስት ወር ቀኖች ከካሌንደር ጋር አመሳክሩ። በጭንቅላት አታስሉ።

ካለፈው ዓመት ፋይል ላይ ነው የሠራነው። ችግር አለው?

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የማይነካ ገጽ ግን ያለፈው ዓመት ገጽ ሆኖ ይወጣል። «2016»፣ «2024» እና ያለፈውን የምረቃ ዙር ቁጥር ፈልጉ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ ፳፻፲፮ ፳፻፲፯ መሆን ነበረበት፤ ፮ እና ፯ በትንሽ መጠን ስለሚመሳሰሉ አጉልታችሁ እዩ። የአመራሮች ስምና ማዕረግ ያለበትን ገጽ ደግሞ ከባዶ አጣሩ። ባለፈው ዓመት ዲን የነበሩ ሰው ዘንድሮ በቦታው ላይኖሩ ይችላሉ፤ ረዳት ፕሮፌሰር የነበሩት ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነው ይሆናል።

ሰዓትም አይረሳ። «ከጠዋቱ 3:00 ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛው ገጽ 9:00 መሆን አለበት።

ዲዛይነሩ ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ፎቶ ፒዲኤፉ ላይ ለምን ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል?

ገጾቹ የሚሠሩበት ፕሮግራም ኢንዲዛይን ፎቶውን ራሱን ገጹ ውስጥ አያስቀምጥም። የሚያሳየው ቅጂውን ነው፤ ዋናው ፋይል ያለበትን አድራሻ ብቻ ይይዛል። ዋናው ፎቶ ፍላሽ ላይ ከነበረና ፍላሹ ከተነቀለ፣ ወይም አንድ ሰው የፎልደሩን ስም ከቀየረ፣ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስክሪኑ ላይ ግን ቅጂው አሁንም ይታያል፣ ስለዚህ ማንም አይነቃም። ፒዲኤፍ ሲወጣ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው ከታለፈ የሚታተመው ያ ደብዛዛ ቅጂ ነው። ዲዛይነሩን `Links` የሚለውን ሰሌዳ እንዲከፍት ጠይቁት። ቀይ ክብ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ካለ ፎቶው ጠፍቷል። ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካለ ዋናው ፎቶ ከተቀመጠ በኋላ ተቀይሯል። ሁለቱም አንድ እንኳ መቅረት የለባቸውም። ሥራው ሲያልቅ `Package` የሚለው ትእዛዝ ፎቶዎቹንና የተጠቀማቸውን ፎንቶች ወደ አንድ ፎልደር ይሰበስባል፤ ማተሚያ ቤቱ ክፍት ፋይል ከጠየቀ የሚሰጠው ያ ነው።

ሌላው ምክንያት ፎቶው ከመነሻው ትንሽ መሆኑ ነው። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፤ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክሰል ገደማ ሆኖ ይደርሳል። ለህትመት የሚፈለገው በኢንች 300 ፒክሰል ነው። የተመራቂ ፎቶ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው 1280 ይተርፈዋል። ያንኑ ፎቶ ሙሉ የኤ4 ገጽ ላይ ብንዘረጋው ግን በኢንች 110 አይሞላም፣ ፊት ሁሉ ይበተናል። ሙሉ ገጽ የሚይዝ ፎቶ ቢያንስ 2480 በ3508 ፒክሰል ይሁን፣ በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፋይል ይላክ። ኢንዲዛይን ላይ `Effective PPI` የሚለው ቁጥር ገጹ ላይ በተቀመጠበት መጠን ያለውን ጥራት ይነግራል። መታየት ያለበት እሱ ነው እንጂ አጠገቡ ያለው `Actual PPI` አይደለም።

ማተሚያ ቤቱ ፕሌት የሚባለውን የማተሚያ ሰሌዳ ከማውጣቱ በፊት ለማረጋገጫ የሚልክላችሁን ናሙና፣ ማለትም ፕሩፉን፣ ደግሞ ከላካችሁት ፒዲኤፍ ጋር ገጽ በገጽ አስተያዩ። እዚያ ደረጃ ላይም ፎቶ ሊወድቅ ይችላል።

የአንዱ ፎቶ በሌላው ስም ላይ እንዳይወጣ ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ ቤተሰብን የሚያሳዝነው ስህተት ይህ ነው። ልጁ መጽሔቱን ይዞ ቤቱ ሲገባ ስሙ ሥር የሌላ ሰው ፊት ያገኛል። ስህተቱ የሚመጣበት መንገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ የትምህርት ክፍል 42 ተመራቂ አለው እንበል፣ በአንድ ገጽ 12 ፎቶ ይገባል። ከፎቶዎቹ አንዱ አልመጣም፣ 41 ናቸው። ዲዛይነሩ ፎቶዎቹን በተርታ ሲደረድር 17ኛው ቦታ ላይ የ18ኛውን ፎቶ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይንሸራተታሉ። የመጀመሪያው ገጽ ልክ ነው። የሁለተኛው ገጽ መጀመሪያም ልክ ነው። አራሚው የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ቁጥር አመሳክሩ። ከሬጅስትራር የመጣው ስም ዝርዝር ስንት ነው? ፎልደሩ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ስንት ናቸው? ገጾቹ ላይ የተቀመጡት ስንት ናቸው? ሦስቱም 42 ካልሆኑ ማንበብ አትጀምሩ፣ የጎደለውን ፈልጉ። ከዚያ በየገጹ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፎቶ ከስሙ ጋር አረጋግጡ። መንሸራተት ካለ የገጹ የመጨረሻ ፎቶ ያሳብቃል። ቁጥሩ ልክ ሆኖም ስህተት ሊኖር ይችላል፤ የአንዱ ፎቶ ሁለት ጊዜ ገብቶ የሌላው ከቀረ ድምሩ ያው 42 ነው። ተመሳሳይ ፊት ሁለት ጊዜ እንዳልወጣም ተመልከቱ።

በመጨረሻ የየትምህርት ክፍሉን ተወካይ ጥሩና ገጹን ከፊቱ ዘርጉለት። የክፍል ጓደኞቹን በፊት የሚያውቃቸው እሱ ነው። አይቶ ሲጨርስ ገጹ ላይ ይፈርም። ይህን ሥራ ኮሚቴው በፍጹም ሊተካው አይችልም፤ 42 የማያውቃቸውን ፊቶች ከስም ጋር የሚያገናኝበት መንገድ የለውም። ለወደፊቱ ደግሞ የፎቶ ፋይሎችን በስም ሳይሆን በመታወቂያ ቁጥር ሰይሙ። ሁለት ሳሙኤል ተስፋዬ ሊኖሩ ይችላሉ፤ የመታወቂያ ቁጥር ግን አይደገምም።

ፎቶው ያልመጣ ተመራቂ ካለስ?

ቦታውን አትዝጉ። ስሙ ይቀመጥ፣ ፎቶው ቦታ ላይ የዩኒቨርሲቲው አርማ በግራጫ ይግባ። ባዶ ሳጥን ስህተት ይመስላል፣ ቦታውን መዝጋት ደግሞ መንሸራተትን ያመጣል። ዲዛይነሩ በጊዜያዊነት ያስቀመጠው ምስል ካለ ደግሞ መውጣቱን አረጋግጡ። «ፎቶ እዚህ ይገባል» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ሲወጣ ማየት ያማል።

ኃይሉ ነው ሃይሉ? በስም አጻጻፍ የማንን እንከተል?

የባለቤቱን፣ ያውም ዲግሪው ላይ የሚጻፈውን። በጽሑፉ ውስጥ ኮሚቴው አንድ ዓይነት አጻጻፍ መርጦ ሊከተል ይችላል። በስም ላይ ግን እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም። ኃይሉ፣ ሐይሉና ሃይሉ ሲነበቡ አንድ ቢሆኑም የተለያዩ ሰዎች ፊርማ ናቸው። ገብረ ሥላሴ፣ ገብረሥላሴና ገ/ሥላሴም እንዲሁ። ስለዚህ «አስተካክል» ብሎ በአንድ ጊዜ ሁሉንም መተካት በስም ገጾች ላይ ክልክል መሆን አለበት።

ይህ የፊደል ልዩነት ፎቶንም ይነካል። ኮምፒውተር ስም ሲደረድር ሀ፣ ሐ እና ኀን በየራሳቸው ቦታ ነው የሚያስቀምጣቸው። ሃይሉ ዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ይወጣል፣ ኃይሉ ግን ከተስፋዬ በኋላ፣ ከነጋሽ በፊት ይገባል። የስም ዝርዝሩ በአንድ አጻጻፍ፣ የፎቶ ዝርዝሩ በሌላ ከተደረደረ ሁለቱ አይገጥሙም። ከላይ ላነሳነው መንሸራተት ሌላው ምክንያት ይህ ነው።

ለማመሳከር ሁለት ሰው ይቀመጥ። አንዱ ከሬጅስትራሩ ዝርዝር ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ገጹን ይከተላል። አንባቢው ፊደሉን በስሙ ይጥራ፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እንዲህ ካልተባለ ጆሮ ልዩነቱን አይሰማውም።

ዓይን የሚያልፋቸው የፊደል ስህተቶች የትኞቹ ናቸው?

አብዛኞቹ ከአጻጻፍ ዘዴው የሚመጡ ናቸው። በድምፅ በሚጽፍ ኪቦርድ አናባቢው ከተረሳ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። «ተመራቂ» «ተምራቂ» ይሆናል፣ «መምህራን» «ምምህራን»። ሺፍት ካልተጫነ ደግሞ ጠ ወደ ተ ይለወጣል፣ «ጠቅላላ» «ተቅላላ» ይሆናል። እነዚህ ቀስ ብሎ ላነበበ ይታያሉ።

አደገኞቹ ስህተት ሆነውም ትክክለኛ ቃል የሚሆኑት ናቸው። ሰ እና ሸ የሚለያዩት ከላይ ባለች አንዲት ጭረት ነው፤ «ኮሌጁ ለ300 ተማሪዎች ዲግሪ ሰጠ» ላይ ያቺ ጭረት ብትጨመር «ሸጠ» ይሆናል። የፊደል ማረሚያ ፕሮግራም ይህን አይዝም፣ «ሸጠ» ቃል ነውና። በአንጻሩ ቅጥያ የበዛበትን ትክክለኛ ቃል ሁሉ በቀይ ያሰምርበታል፤ አማርኛ በቅድመና በድኅረ ቅጥያ የሚዘረዝራቸውን ቃላት መዝገቡ ሁሉንም አያውቃቸውም። ስለዚህ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ ያሉባቸውን ግሶች በርዕሶችና በፎቶ መግለጫዎች ላይ በተለይ አስተውሉ። ገጹን ከመጨረሻው አንቀጽ ወደ መጀመሪያው ማንበብም ይረዳል፣ ታሪኩ ስለማይወስዳችሁ።

ሥርዓተ ነጥብ በፍለጋ ይታረማል። «፡፡» ሁለት ሁለት ነጥብ ሆኖ፣ ወይም በእንግሊዝኛው `::` ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ሁሉንም ወደ «።» ቀይሩ። ሁለት ጊዜ የገባ ክፍት ቦታንም እንዲሁ ፈልጉ።

ፊደሎቹ ሳጥን ወይም ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆነው ወጡ። ምንድን ነው?

ሳጥን ከሆኑ የተመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው በርዕሶች ላይ ነው፤ ዲዛይነሩ ለእንግሊዝኛው ያማረውን ፎንት ለአማርኛውም ሲሰጠው። የአማርኛ ፊደል ያለውን ፎንት መምረጥ ይበቃል።

የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ግን ጽሑፉ በዩኒኮድ አልተጻፈም። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ ሰነድ ተገልብጦ ገብቷል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም፣ በፍለጋም አይገኝም፤ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ ቀን ብትፈልጉ «የለም» ይላችኋል። የሚሻለው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ሙሉውን ከዋናው ሰነድ ጋር እንደገና አንብቡ፣ አንዳንድ ፊደል ሲለወጥ ይሳሳታልና።

ስህተቶቹ ከታረሙ በኋላ እንደገና ሁሉንም ማንበብ አለብኝ?

ሁሉንም አይደለም፤ የታረመውን ቃል ብቻም አይደለም። አንድ ቃል ሲጨመር መስመሩ ይገፋል፣ አንቀጹ ይረዝማል፣ የመጨረሻው መስመር ከሳጥኑ ወጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ የታረመው አንቀጽ በሙሉ፣ የገጹ መጨረሻ እና የሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ይነበቡ። ማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥርም ይታይ። የድሮውን የተሰረዘበት ወረቀት አትጣሉ። አዲሱን ከጎኑ አድርጋችሁ እያንዳንዱ ቀይ ምልክት መታረሙን አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ፋይሎቹን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» እያላችሁ አትሰይሙ። ቀንና ሰዓት ስጧቸው። የታረመው ፋይል እያለ ያልታረመው ለማተሚያ ቤት የሚላከው በዚህ ስያሜ ምክንያት ነው።

«ይታተም» ብሎ መፈረም ያለበት ማነው?

አንድ ሰው። እርማቱን ብዙ ሰው ይሥራው፤ ፊርማው ግን የአንድ ሰው ይሁን። እሱም የሦስቱ ዙሮችና የየትምህርት ክፍሉ ተወካዮች ፊርማ መኖሩን አይቶ የሚፈርም መሆን አለበት። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ባይሆን ይመረጣል፣ የራስን ስህተት ዓይን አያይምና። በፊርማው ላይ የፋይሉ ስም፣ ቀንና የገጽ ብዛት ይጻፍ። ከማተሚያ ቤቱ ጋር ክርክር ቢነሳ የሚታየው ይህ ወረቀት ነው፤ እናንተ በፈረማችሁበት ፕሩፍ ላይ ያለ ስህተት የእናንተ ነው፣ ፕሩፉ ላይ ሳይኖር ህትመቱ ላይ የመጣ ስህተት ደግሞ የማተሚያ ቤቱ።

ማተሚያ ቤት ከገባ በኋላ ስህተት ባገኝስ?

ወዲያው ደውሉና «የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሌት ካልወጣ ገጹን ብቻ አርማችሁ መላክ ይቻላል። ፕሌት ወጥቶ ህትመት ካልተጀመረ ወጪው የፕሌት ነው። ባለ ሙሉ ቀለም ገጽ አራት ፕሌት አለው፤ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስህተቱ በጥቁር ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ ከሆነ የጥቁሩን ፕሌት ብቻ መቀየር ሊበቃ ይችላል። የተሳሳተው ፎቶ ከሆነ ግን አራቱም መቀየር አለባቸው። የምትልኩት የታረመ ገጽ ከስህተቱ በቀር ምንም ለውጥ እንዳይኖረው ተጠንቀቁ፤ ጥቁሩ ብቻ ሲቀየር የቀሩት ሦስት ቀለሞች በነበሩበት ስለሚቀሩ አንድ ፎቶ ትንሽ እንኳ ቢንቀሳቀስ አይገጥምም።

ታትሞ ካልተጠረዘ ስህተቱ ያለበትን ወረቀት ብቻ እንደገና ማሳተም ይቻላል። በስቴፕል በሚሰፋ መጽሔት አንድ ወረቀት አራት ገጽ ይይዛል። ከተጠረዘ በኋላ የሚቀረው የእርማት ወረቀት ማስገባት ወይም ተለጣፊ መለጠፍ ነው። የምረቃው ቀን ተሳስቶ ሽፋን ላይ ከወጣ ተለጣፊ ይሠራል። የሁለት ተመራቂዎች ፎቶ ከተቀያየረ ግን እርማት ወረቀት አይበቃቸውም ብዬ አምናለሁ። ቢያንስ ያንን ወረቀት በትክክል አሳትሞ ለሁለቱ ቤተሰቦች የሚሰጠው ቅጂ ላይ በእጅ ቀይሮ መስፋት ይቻላል፣ ማተሚያ ቤቶችም ሲጠየቁ ያደርጉታል። ስቴፕሉ ይከፈታል፣ ወረቀቱ ይተካል፣ እንደገና ይሰፋል።